አያገባኝም፦ ባለ ሁለት ስንኝ ሰምና ወርቅ እንዴት ይሠራል?

ሰምና ወርቅ የሚለው ስም የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው የሚያስበውን ጌጥ መጀመሪያ በሰም ይቀርጸዋል። ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል፣ በእሳት ያሞቀዋል። ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ በጭቃው ውስጥ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ የቀለጠውን ወርቅ የሚያፈስሰው እዚያ ላይ ነው። ጭቃው ሲሰበር የሚወጣው ወርቅ መልኩ ቁርጥ የሰሙ ነው። ሰሙ ላይ ያልተቀረጸ ነገር ወርቁ ላይ አይገኝም፤ ሰሙ ላይ የተጫረ ጭረት ሁሉ ደግሞ ወርቁ ላይ ይታያል። በግጥምም ሰሙ ከላይ የሚሰማው ፍቺ ነው፤ ወርቁ ከሥሩ የተደበቀው።

ብዙ ጀማሪ ገጣሚ ይህን የመጨረሻውን ነገር ይረሳል። ሁለት ፍቺ ያለው ቃል ያገኝና ደስ ብሎት ግጥሙ መጨረሻ ላይ ይሰካዋል። ከዚያ ቃል በፊት ያሉት ቃላት ግን ለአንዱ ፍቺ ብቻ የሚያገለግሉ ይሆኑበታል። እንዲህ ያለው ግጥም የቃላት ጨዋታ ይሆናል እንጂ ሰምና ወርቅ አይሆንም። ከዚህ በታች አንዲት ባለ ሁለት ስንኝ ግጥም ከመነሻዋ እስከ መጨረሻዋ እንሠራለን፤ ዋናው ድካማችንም ሁለቱን ፍቺ ከሚይዘው ከኅብረ ቃሉ ይልቅ በዙሪያው ባሉት ቃላት ላይ ይሆናል።

በቅኔ ቤት የሚቆጠረው የግዕዝ ቅኔ የራሱ ሕግና የራሱ መልክ አለው። ከሁሉም አጭሩ ጉባኤ ቃና እንኳ ሁለት ቤት ብቻ ሆኖ ብዙ ሥርዓት ይጠይቃል። እዚህ የምንሠራው በአማርኛ፣ በአንድ ኅብረ ቃል ላይ የሚቆመውን ዓይነት ነው።

መጀመሪያ ወርቁን በተራ አነጋገር ጻፉት

ግጥም ለመጻፍ አትቸኩሉ። ልትደብቁት የፈለጋችሁትን ነገር ለቅርብ ወዳጅ በጆሮው እንደምትነግሩት አድርጋችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ማን ነው የሚናገረው? ለማን? ስለ ማን? እነዚህ ሦስቱ በግልጽ ካልታወቁ ወደፊት አትሂዱ።

የእኛ ምሳሌ ይህ ይሁን። አንዲት ሴት አለች። አንድ ሰው ቤቷ ሲመላለስ ዓመት ሞልቶታል። ጎረቤቱ ሁሉ ሰርግ ይጠብቃል፤ እሷ ግን ልቧ አውቆታል። በተራ አነጋገር ስትናገረው፦ «ይህ ሰው ይመጣል ይሄዳል እንጂ አያገባኝም።» ይህን በአደባባይ እንዲህ ብላ ልትለው አትችልም። ስለዚህ መደበቅ ያስፈልጋታል። መደበቅ የማያስፈልገው ነገር ሰም ሲለብስ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ወርቃችሁ በእርግጥ በግልጽ ለመናገር የሚያስቸግር መሆኑን አስቀድማችሁ እዩ።

ከወርቁ ውስጥ ኅብረ ቃሉን ፈልጉ

ኅብረ ቃል ማለት ሰሙም ወርቁም አብረው የሚኖሩበት ቃል ነው። ብዙ ሰው መዝገበ ቃላት ከፍቶ ሁለት ፍቺ ያለው ስም ይፈልጋል። እኔ ከግሥ መነሣትን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የአማርኛ ግሥ ባለቤቱን፣ ተሳቢውን፣ አፍራሹን ሁሉ በአንድ ቃል ስለሚሸከም ሁለተኛ ፍቺ ሲያገኝ ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ይዞ ይዞራል።

በወርቁ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያሉትን ግሦች ዘርዝሩ፣ አንድ በአንድም አርቧቸው። ለእኔ፣ ለአንቺ፣ ለእሱ፤ በአዎንታ፣ በአሉታ፤ ከነተሳቢያቸው። እያረባችሁ ጮክ ብላችሁ በሉት። ሌላ ሰው በሌላ ጉዳይ ይህንኑ ቃል ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የእኛ ግሥ «አገባ» ነው። አገባ፣ ያገባል፣ አያገባም፣ አያገባኝም። እዚህ ላይ ቁሙ። «አያገባኝም» አንድ ጊዜ «ባሌ አይሆንም» ነው፣ ሌላ ጊዜ «ጉዳዬ አይደለም» ነው። ድምፁም አንድ ነው፣ አጻጻፉም አንድ ነው። ኅብረ ቃል ተገኘ ማለት ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ አይቀናም። ኅብረ ቃል የሚገኝባቸው ሦስት መንገዶች አሉ፤ የሚያስቸግሩበት ቦታም ይለያያል።

አንደኛው ይህ የእኛ ዓይነት ነው፤ ቃሉ ሲነገርም ሲጻፍም ምንም የማይለወጥበት። ሌላ ምሳሌ ልስጥ፦

ጎረቤቴ ሌሊት እንቅልፍ የለው ከቶ፣
ሲስል ነው የሚያድር መብራቱን አብርቶ።

ጎረቤትየው ሥዕል ሲስል ያድራል፤ ወይም ታሞ ሲያስለው ያድራል፤ ወይም፣ ይህኛው የሚያስፈራ ነው፣ ቢላዋ ሲስል ያድራል። ሦስቱም ከመብራቱ ጋር ይስማማሉ። እዚህ የሚያስቸግረው ፊደል ነው። የሥዕሉን ግሥ በንጉሡ ሠ መጻፍ የለመደ ጠንቃቃ ሰው «ሲሥል» ብሎ ከጻፈው ሳሉ ይጠፋል። በጽሑፍ የምታወጡት ከሆነ ለሁሉም ክፍት የሆነውን ፊደል ምረጡ።

ሁለተኛው የሚመሠረተው በመጥበቅና በመላላት ላይ ነው። ፊደላችን ድምፅ ሲጠብቅ ምልክት ስለማያደርግ ወረቀት ላይ ሁለቱ ቃላት አንድ ይሆናሉ።

የላክሁልሽ ማር ነው፣ አያሳስብሽም፣
ዓመት ቢቀመጥም ቤትሽ አይበላሽም።

ሰሙ ስለ ማር ነው፤ ቢከርምም አይበላሽም፣ «በ» ጠብቆ። ወርቁ ግን የአማላጅ ቃል ነው፤ የላክሁልሽ ሰው ደግ ነው፣ ቤትሽ ቢኖር አይበላሽም፣ «በ» ላልቶ፤ አትፍሪው ማለት ነው። ይህ ዓይነት ለዓይን ምቹ ነው፤ ጮክ ብሎ ሲነበብ ግን አንባቢው አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ በቃል ለሚባል ግጥም አልመርጠውም። የግድ ከሆነ በሰሙ አጠባበቅ ይባላል፤ ወርቁን አድማጩ ራሱ አላልቶ ያግኘው።

ሦስተኛው ቃሉን መቁረጥ ወይም መቀጠል ነው። እንደ «ስ»፣ «ም»፣ «ና» ያሉ ትንንሽ ምዕላዶች እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ ይሠራሉ።

ጎተራው ሙሉ ነው፣ ብርም አያጣውም፣
ያ ባለጸጋ ግን መቼም ልብስ የለውም።

ሰሙ፣ ሀብት ሞልቶት የሚለብሰው የሌለው ንፉግ ነው። ወርቁ «ልብ'ስ የለውም» ነው፤ ሁሉ አለው፣ ልብ ግን የለውም። መጀመሪያ ስሠራው «ልብስ ብቻ የለውም» ብዬው ነበር። ሰሙ እንዲያውም ያምር ነበር። ወርቁ ግን ተሰበረ፤ «ልብ'ስ ብቻ የለውም» የሚል ሰው የለምና። አንድ «ብቻ» የሚሏት ቃል ወርቁን አፈሰሰችው። ለዚህ ነው በዙሪያው ያሉትን ቃላት አጥብቄ የምናገረው።

ሰሙን ምረጡ፣ ባለቤቱንም መርምሩ

ወደ ሴቲቱ እንመለስ። «አያገባኝም» አለን። ሰሙ «ጉዳዬ አይደለም» ነው። አሁን ሴቲቱ «ጉዳዬ አይደለም» የምትልበት ሁኔታ መፈልሰፍ አለብን። መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፦

ጎረቤቶቼ ሲጣሉ ሌሊቱን ብሰማም፣
የእነሱ ጉዳይ ነው፣ እኔን አያገባኝም።

ሰሙ ምንም አይወጣለትም። ሰው በየቀኑ የሚለው ነገር ነው። ወርቁን ግን ፈልጉት። ማነው የማያገባት? ጎረቤቶቿ ብዙ ናቸው፤ እነሱ ቢሆኑ ግሡ «አያገቡኝም» ይሆን ነበር። በግጥሙ ውስጥ «እሱ» የሚባል ሰው ጭራሽ አልተጠራም። ወርቁ የሚያርፍበት ሰው የለውም። አድማጩ ሁለተኛውን ፍቺ ቢያስታውስ እንኳ ፈገግ ብሎ ያልፋል እንጂ ወደ ኋላ ተመልሶ ምሥጢር አያገኝም።

ከዚህ የምንማረው ሕግ ቀላል ነው። ኅብረ ቃሉ በወርቁ የሚፈልገው ባለቤት በሰሙም ውስጥ መገኘት አለበት፤ በጾታም በቁጥርም ተስማምቶ። ስለዚህ ሰሙ ስለ አንድ ወንድ መሆን ግድ ይለዋል። አንድ ወንድ፣ ሰዎች ስለ እሱ የሚያወሩበት፣ እሷ ደግሞ «ምን አገባኝ» የምትልበት ሁኔታ። ይህ የሰፈር ወሬ ነው። ሰዎች ወሬ ያመጡላታል፤ እሷ ወሬውን ትመልሳለች። ሰሙ ተገኘ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይህን ግጥም ወንድ ለሴት ሊያዞረው ቢሞክር አይሆንለትም። «ያቺ ሴት አታገባኝም» ሲል ወርቁ አለ፤ ሰሙ ግን ሞተ። «ጉዳዬ አይደለም» የምንልበት «አያገባኝም» ሁልጊዜ በሩቅ ወንድ መልክ የቀዘቀዘ ነው፤ ሴት ብትጠራበትም ወደ «አታገባኝም» አይዞርም። ስለዚህ ኅብረ ቃል ስታገኙ የትኛው ፍቺ እንደ ልብ እንደሚረባ፣ የትኛው በአንድ መልክ ብቻ እንደቆመ ለዩ። ግጥሙን የሚመራው የማይንቀሳቀሰው ነው።

ከታች ወደ ላይ ጻፉ

ኅብረ ቃሉ የሚያርፈው በሁለተኛው ስንኝ መጨረሻ ቢሆን ይመረጣል። አድማጩ ግጥሙን በሙሉ በሰሙ መንገድ ሰምቶ ከጨረሰ በኋላ ነው የመጨረሻው ቃል ወደ ኋላ የሚመልሰው። ኅብረ ቃሉ መጀመሪያ ላይ ቢመጣ የሚቀጥለው ቃል ሁሉ አንዱን ፍቺ እየገፋ ይጥለዋል። ስለዚህ ሁለተኛውን ስንኝ አስቀድማችሁ ጻፉ።

ልኩ ወል ቤት ይሁን፤ በስንኙ 12 ቀለም፣ ከመካከል 6 ላይ የሚያርፍ። ቀለሙን በፊደል ብዛት አትቁጠሩ፤ ሳድሱ ብዙ ጊዜ ድምፅ አልባ ሆኖ ከፊቱ ካለው ፊደል ጋር ይዋጣልና። በእጃችሁ እያጨበጨባችሁ ቁጠሩ። «አያገባኝም» በፊደል 6 ነው፤ በጭብጨባ ግን 5 ነው፦ አ፣ ያ፣ ገ፣ ባ፣ ኝም። ስለዚህ ሁለተኛውን ሐረግ ለመሙላት አንድ ቀለም ይቀረናል።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ይህ ነበር፦

የዚያ ሰው ነገር ግን አያገባኝም።

ልኩ 12 ነው። ግን ሁለት ሕመም አለበት። ዕረፍቱ «ነገር» ላይ ስለሚወድቅ «ግን» ከስሙ ተቆርጣ የሁለተኛው ሐረግ መጀመሪያ ትሆናለች፤ ሲባል ይነክሳል። ሁለተኛው ሕመም ግን የከፋ ነው። የማያገባት ማነው? በሰዋስው ሲታይ «የሰውዬው ነገር» ነው። ነገር አያገባም፤ ሰው ነው የሚያገባ። ሰሙ ቀጥ ብሎ ሲቆም ወርቁ ያነክሳል። ይህን ስህተት በችኮላ የሚያነብ ሰው አያየውም፤ ወርቁን በተራ አነጋገር ስትተረጉሙት ግን ወዲያው ይታያል።

እንግዲህ «ነገር» የሚለው ወጥቶ ሰውየው ራሱ መግባት አለበት። «ያ ሰው አያገባኝም» ብንልስ? ወርቁ ጮኸ፤ አድማጩ መጀመሪያ የሚሰማው ጋብቻውን ይሆናል። ሰውየው መኖር አለበት፣ ግን ግሡን ቀጥታ መያዝ የለበትም። በመካከላቸው ሌላ ግሥ እናስገባ፦

ያን ሰውዬ ተዉት፤ ከቶ አያገባኝም።

«ያን ሰውዬ ተዉት» 6 ነው። «ከቶ አያገባኝም» ደግሞ «ከቶ» መጨረሻዋን ለ«አ» ሰጥታ ስትባል፣ ከታያገባኝም እንደማለት፣ 6 ይሆናል። «ተዉት» እዚህ ላይ ወርቅ የምታወጣ ቃል ናት። በሰሙ «ወሬውን ተዉት» ነው፤ በወርቁ «ሰውየውን ተዉት፣ አትጠብቁት» ነው። «ት» ለወሬውም ለሰውየውም ትሆናለች። «ከቶ»ም እንዲሁ ለሁለቱም ታገለግላለች፤ በሰሙ «በጭራሽ ጉዳዬ አይደለም»፣ በወርቁ «መቼም ቢሆን አያገባኝም»። በቦታዋ «ዛሬ» ብናስገባ ኖሮ ሰሙ ይቆም ነበር፤ ወርቁ ግን «ነገ ያገባኝ ይሆናል» የሚል ተስፋ አዝሎ ይመጣ ነበር። ሴቲቱ ያን አላለችም።

የላይኛው ስንኝ ለሁለቱም ማስረጃ ይሁን

አሁን የላይኛው ስንኝ በ«ኝም» ቤት መምታት አለበት። ሥራው ሁለት ነው፤ ለሰሙ የወሬውን ሁኔታ ማቆም፣ ለወርቁ ደግሞ የቅሬታዋን ምክንያት መስጠት። ብዙ ሰው እዚህ ይሰንፋል። ታችኛው ስንኝ ስለተዋጣለት ላይኛውን ቤት መሙያ ያደርገዋል፤ ስለ ደመና፣ ስለ ወንዝ፣ ስለ ወፍ የሚያወራ ስንኝ ይለጥፍበታል። እንዲህ ያለው ስንኝ ልክ ይሞላል፣ ሰም ግን አይሆንም፤ ወርቁ የሚፈስበት ቦታ አይሰጥማ።

በሌላ በኩል የሚወድቅም አለ፦

ቀለበት ሳያስር ቢያመላልሰኝም፣
ያን ሰውዬ ተዉት፤ ከቶ አያገባኝም።

«ቀለበት» ከተጠራ በኋላ «አያገባኝም»ን በሌላ ፍቺ የሚሰማ ጆሮ የለም። ሰሙ ቀልጦ አለቀ፤ ይህ ግልጽ እሮሮ ነው። ከወርቁ ሰፈር የመጣ ቃል፣ ሰርግ፣ ሽማግሌ፣ ጥሎሽ፣ ሙሽራ፣ ከኅብረ ቃሉ በፊት አይግባ። ወርቁን የሚያሳየው ቃል በሰሙም ቤተኛ የሆነ ተራ ቃል ይሁን።

ወሬ ሲወራ ሰው ምን ይላል? «እገሌ መጣ፣ እገሌ ሄደ» ይላል። እሷን የሚያማት ምንድን ነው? መጥቶ መሄዱ። ሁለቱ እዚህ ይገናኛሉ፦

ዓመት ሙሉ መጣ ሄደ ብትሉኝም፣
ያን ሰውዬ ተዉት፤ ከቶ አያገባኝም።

ጭብጨባው፦ ዓ፣ መት፣ ሙ፣ ሉ፣ መ፣ ጣ፤ ሄ፣ ደ፣ ብት፣ ት፣ ሉ፣ ኝም። 6 እና 6። («ብትሉ» ሲባል «ት» ስለሚጠብቅ ሁለቴ ይቆጠራል።) የቤት ምቱም «ኝም» ከ«ኝም» ነው፤ «ም» ብቻ ከመሆን ይበልጣል።

«ዓመት ሙሉ» የሚለውን እዩልኝ። በሰሙ ወደ «ብትሉኝም» ይሄዳል፤ ዓመት ሙሉ ወሬ ብታመጡልኝም። በወርቁ ወደ «መጣ ሄደ» ይሄዳል፤ ዓመት ሙሉ ሲመላለስ የቆየው እሱ ነው። ቃሉ ከቦታው ሳይነቃነቅ የሚይዘውን ግሥ ይለውጣል። ይህ የሆነው በመካከላቸው ነጠላ ሰረዝ ስለሌለ ነው። «ዓመት ሙሉ፣ መጣ ሄደ ብትሉኝም» ብላችሁ ብትጽፉት ወርቁን በሥርዓተ ነጥብ ዘጋችሁበት። የታችኛው ስንኝ ድርብ ሰረዝ ግን አይጎዳም፤ ሁለቱም ንባብ «ተዉት» ላይ ይቆማሉና።

ሁለቱን ፍቺ ለየብቻ አውጡ

ግጥሙ አለቀ ብላችሁ ለሰው ከማሰማታችሁ በፊት በወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ በተራ አነጋገር ተርጉሙት። አንድም ቃል ሳትዘሉ፣ አንድም ቃል ሳትጨምሩ።

ሰሙ፦ «ሰውየው መጣ፣ ሰውየው ሄደ እያላችሁ ዓመት ሙሉ ብትነግሩኝም፣ የዚያን ሰውዬ ወሬ ተዉት፤ በጭራሽ ጉዳዬ አይደለም።»

ወርቁ፦ «ዓመት ሙሉ መጥቶ እንደሚሄድ ብትነግሩኝም፣ ያን ሰውዬ አትጠብቁት፤ መቼም ባል አይሆነኝም።»

በዚህ ትርጉም ጊዜ «ይህቺ ቃል እዚህ ላይ ምን ትሠራለች?» ያላችሁባት ቃል ካለች እሷ ናት በሽታው። ለአንዱ ፍቺ ብቻ የምታገለግል ቃል ሌላውን ትገፋለች። እንደ «ብቻ»፣ «እንኳ»፣ «ግን»፣ «ዛሬ» ያሉት ትንንሾቹ ከትልልቆቹ ቃላት ይልቅ ያታልላሉ፤ ልክ ለመሙላት ስትፈልጉ ሳታስቡት ይገባሉና። አንድ ቀለም ጎደለኝ ብላችሁ የጨመራችኋትን ቃል ሁሉ ለብቻዋ መርምሯት።

በሦስተኛ ደረጃ ያላሰባችሁት ፍቺ መኖሩን እዩ። እንደ «ሲስል» ያለ ቃል ሦስተኛውን በር ይከፍታል። ቢላዋ መሳሉ ለግጥሙ ጥላ ይጨምርለታል፤ ግን የታመመ ጎረቤት ለመጠየቅ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ ነፍሰ ገዳይ ባደረገው ነበር። ያልተፈለገ ፍቺ ከመጣ በዙሪያው ካሉት ቃላት አንዱን ለውጣችሁ ዝጉት። ለምሳሌ «መብራቱን አብርቶ» የሚለው ለሠዓሊም ለበሽተኛም ለቢላዋም ይሆናል፤ በቦታው «ደረቱን ደግፎ» ቢባል ቢላዋው ይወጣል፤ ግን ሠዓሊውም አብሮ ይወጣል። እንዲህ ያለው ሒሳብ ነው የሚፈጀው ጊዜ።

የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ነግሮ ያሳርማል። መምህር የሌለው ሰው ሁለት አድማጭ ይፈልግ። አንደኛው ስለ ጉዳዩ ምንም የማያውቅ ይሁን። ግጥሙን አሰሙትና «ስለምን ነው?» በሉት። «ወሬ ስለሰለቻት ሴት» ካለ ሰሙ ቆሟል። «አልገባኝም» ካለ ሰሙ ደካማ ነው፤ ወርቁ ምንም ያህል ቢያምር ወደ ሥራው ተመለሱ። ወዲያው «ሳያገባት ቀረ?» ካለ ደግሞ ወርቁ ፈስሷል፤ የላይኛውን ስንኝ ፈትሹ። ሁለተኛው አድማጭ የሰውየውንና የሴቲቱን ነገር የሚያውቅ ይሁን። እሱ ዘግየት ብሎ፣ ምናልባት ስንኙን በልቡ ደግሞ፣ ቀና ካለ ወርቁ ደርሶታል። እኔ አክስቴን ነው የምጠቀመው። መጀመሪያ «እውነቷን ነው፣ ሰው ወሬ አይታክተውም» አለችኝ። ቡናውን ቀድታ ልታቀብለኝ ስትል እጇ ቆመ፤ «ውይ፣ አያገባትም እንዴ?» አለች። ከዚያ በኋላ በግጥሙ ላይ አንድ ፊደል አልነካሁም።

አባባሉ

ግጥሙ በቃል ሲባል የሰሙን ፊት ይያዝ። ወሬ የሰለቸው ሰው ድምፅ ይሁን፤ ትንሽ ቆጣ፣ ትንሽ ቸል ያለ። በወርቁ ድምፅ፣ በኀዘን ከተባለ አድማጩ ሳይፈልግ ተሰጠው። «ተዉት» ላይ ትንፋሽ ውሰዱ። «ከቶ»ን ከ«አያገባኝም» ጋር አያይዙት፤ ካለያያችኋቸው ልኩ ወደ 7 ይሄዳል። በመጨረሻው ቃል ላይ ድምፅ አታንሡ፣ ዓይንም አትጥቀሱ፣ አትድገሙትም። አንድ ሰው «ምን ማለትሽ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ሴቲቱ የምትሰጠው መልስ ሰሙ ነው፦ «ወሬ አልወድም አልኩ።»